ሁለት ጣቢያ፣ አንድ ባቡር፦ ከድሬ የኤዲቲንግ ማስታወሻ

ሰኞ

የተቀረጸው ፉቴጅ ሙሉ በሙሉ ገባ። ፊልሙ አጭር ነው፤ ሲያልቅ ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተስማምተናል። ታሪኩም ቀላል ነው። ልጅ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ነው። አባት ድሮ በምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ብረት በሚቀርጸው ማሽን በቶርኖ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ጋር ተኳርፈዋል። በመሄጃው ጠዋት ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጣቢያ ይሄዳል። አባትም ሐልዋ በወረቀት አስጠቅልለው ከመጋላ ሰፈር ይነሳሉ፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው እሳቸውም ወደ ጣቢያ ያመራሉ።

ተመልካቹ ሊገናኙ ነው ብሎ ይጠብቃል። አይገናኙም። ልጁ ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ጣቢያ ነው። አባት የሄዱት ግን ከዚራ ሰፈር ወዳለው አሮጌው ጣቢያ ነው።

ተሳስተው አይደለም፤ አውቀው ነው። ልጃቸው ፊት ቆመው መሰናበት አቃታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር የሸኙበት ቦታ ሄደው በራሳቸው መንገድ ይሸኙታል። ችግሩ፣ ይህን የሚናገር አንድም ቃል ስክሪፕቱ ላይ የለም። ዳይሬክተሯን ስጠይቃት “አቦ፣ እሱን እኮ አንተ ቆርጠህ ነው የምትነግረኝ” አለችኝ። ጥሩ። እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው። ያው ፉቴጅ “ሽማግሌው መንገድ ጠፋባቸው” ሊልም ይችላል፣ “ሽማግሌው ስንብት ከበዳቸው” ሊልም ይችላል። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ከጣቢያዎቹ በፊት ያለውን ክፍል ያዝኩ። እናትየው ለልጁ “ይሄ ሰዓት የአባትህ ነው፤ ወርክሾፕ ሲሠራ እጁ ላይ ነበር” የምትልበት ትዕይንት አለ። ወደ 50 ሴኮንድ ይሆናል። ትወናው አይከፋም። ግን ማስረዳት ነው፤ ፊልሙ ቆሞ ይጠብቃታል።

ዳይሬክተሯ ይህን ገምታ መሰለኝ፣ ሁለት ሾት አስቀርጻለች። አንደኛው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። የአባትን የወጣትነት ዘመን የሚጫወተው ተዋናይ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ ግራ እጁ ላይ ሰዓት አስሮ፣ የቶርኖውን እጀታ ወደ ራሱ ይስባል። ሁለተኛው መኝታ ቤት ነው። የልጁ ግራ እጅ፣ ያው ሰዓት እንደታሰረበት፣ የሻንጣውን ዚፕ ወደ ራሱ ይስባል። የሚታየው እጅ ብቻ ነው። ማች ከት ማለት ይህ ነው፤ በመልክ ወይም በእንቅስቃሴ የሚመሳሰሉ ሁለት ሾቶችን አጣብቆ በመሃላቸው ያለውን ጊዜና ቦታ መዝለል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የኩብሪክ “2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ” ላይ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ፊልም ነው። ወደ ሰማይ የተወረወረ አጥንት መውደቅ ሲጀምር ይቆረጥና ሕዋ ላይ ያለች መንኮራኩር ትታያለች። በአንድ ቁረጥ ሚሊዮን ዓመታት ታለፉ። እኔ የምዘልለው ሠላሳ ዓመት አካባቢ ነው፤ አያስፈራም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመኝታ ቤቱን ሾት ከወርክሾፑ በላይ ባለው ትራክ ላይ አደረግሁና ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የምስሉን ድፍንነት፣ ወደ 50 ከመቶ ዝቅ አደረግሁት። ሁለቱም ምስሎች ተደራርበው ይታያሉ። የወርክሾፑ ሰዓት የፍሬሙ ግራ ላይኛ ክፍል ላይ ነው። የመኝታ ቤቱ ወረድ ይላል፤ ያንሳልም። የተቀረጸው በ4ኬ ስለሆነና ፊልሙ የሚወጣው በ1080 ስለሆነ ማስፋት አይጎዳኝም። ሁለተኛውን ወደ 112 ከመቶ አሳድጌ ትንሽ ገፋሁት። ሰዓት በሰዓት ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴው ነው። ቁረጡን እጁ መሳብ ሳይጀምር ካደረግሁት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ይሆናሉ። ስቦ ከጨረሰ በኋላ ካደረግሁትም እንደዚያው። መሃል ላይ መሆን አለበት፤ አንዱ እጅ የጀመረውን ሌላው ይጨርስ። የቶርኖው እጀታ ለመሳብ ወደ 20 ፍሬም ይፈጃል፣ ዚፑ ግን 12 ብቻ። እንዳለ ስቆርጠው እጁ ድንገት የሚዘል ይመስላል። ዚፑን ትንሽ አዘገየሁት። ከዚያም በሁለተኛው ሾት መጀመሪያ ላይ እንቅስቃሴውን ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ መለስኩት። በቁረጡ ቅጽበት ዓይን አዲሱን ምስል እስኪለምድ ጥቂት ፍሬም ያመልጠዋል። ስለዚህ በወረቀት ሲሰላ የተደገመ እንቅስቃሴ፣ ሲታይ የቀጠለ ይመስላል።

ድምፁ ላይ ትንሽ ቆየሁ። የዚፑ ድምፅ ቀድሞ ወደ ወርክሾፑ ሲገባ አንድ ሰው ከሐሳቡ የባነነ ይመስላል። የቶርኖው ድምፅ ደግሞ ከቁረጡ አልፎ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባና ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ወርክሾፑ ቤቱ ውስጥ አሁንም ያለ ይመስላል። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ማታ ለአከራዬ ልጅ አሳየኋት። ቀጥታ የጠየቀችኝ “ሰውዬው ወርክሾፕ ውስጥ ሻንጣ ይዞ ምን ይሠራል?” ነው። በጣም ስለተገጣጠመ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ መሰላት። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀም። ሾቱ ሲሰፋ የልጁ ነጭ እጅጌ ከፍሬም ወጥቷል። የቀረው እጅና ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚለያይ ነገር ጠፋ። ማስፋቱን ወደ 104 መለስኩት። ነጩ እጅጌ ገባ፣ ሰማያዊው ቱታ ከፊቱ አለ። ሰዓቶቹ አሁን ልክ አንድ ላይ አይቀመጡም፣ ግን ማንም አያየውም። ዓይን ተመሳሳዩን ይዞ ይሻገራል። የተለወጠውን የሚያስተውለው ከተሻገረ በኋላ ነው፤ ትርጉሙም ያኔ ነው የሚመጣው። የሚለያይ ነገር ከሌለ የሚያስብበት የለውም።

የእናትየው 50 ሴኮንድ ወጣ። ተዋናይዋ እንዳትቀየመኝ እንጂ ፊልሙ አልተቀየመም።

አንድ ሌላም ማች ከት ተጠይቄ ነበር። ቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው የባቡር ጎማ ወደ ባጃጅ ጎማ እንዲለወጥ። ሠርቼ አየሁት። ያምራል። ግን ሁለቱም ክብ ናቸው ከማለት በቀር የሚለው የለም። ባጃጁም ወደ ታሪኩ ተመልሶ አይመጣም። ተወው ተባብለን ተውነው።

ረቡዕ

ወደ ጣቢያዎቹ ገባሁ። አንዴ አባት፣ አንዴ ልጅ፣ አንዴ አባት፣ አንዴ ልጅ። ክሮስ ከቲንግ የሚባለው ይኸው ነው። የሚገርመው ነገር ማንም “በዚያው ሰዓት” ብሎ ሳይጽፍ ተመልካቹ በዚያው ሰዓት እንደሆነ መቀበሉ ነው። ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1909 “ዘ ሎንሊ ቪላ” በተባለ አጭር ፊልሙ ሌቦች ቤት ሲሰብሩ፣ ውስጥ ያሉት ሲጨነቁ፣ አባወራው ሊያድናቸው ሲጣደፍ እያፈራረቀ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ተመልካች ሁለት ነገር ተፈራርቆ ካየ ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንደኛው፣ ሁለቱም አሁን እየሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

እኛ መጀመሪያውን ጠብቀን ሁለተኛውን ልናፈርስ ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያው እንከን የለሽ መሆን አለበት።

አቅጣጫው ከወዲሁ አስቸገረኝ። አባት ደቻቱን ሲሻገሩ ከፍሬሙ ቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ልጁም ሻንጣውን እየጎተተ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለት ሰው በአንድ አቅጣጫ እየተፈራረቀ ሲሄድ አንዱ ሌላውን የሚከተል ይመስላል። አባት ልጃቸውን እየተከታተሉ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ፊልም ሆነ። እንዲገናኙ እንዲጠበቅ ከተፈለገ ፊት ለፊት መምጣት አለባቸው። የአባትን ሾት ልገለብጠው ሞከርኩ፤ ከኋላቸው ያለው የሱቅ ጽሑፍ ተገልብጦ ቁጭ አለ። የልጁ ሾት ላይ ግን ጽሑፍ የለም። እሱ ተገለበጠ። ሰዓቱ ግን ወደ ቀኝ እጁ ሄደ! ደግነቱ በዚያ ሾት እጁ ከሻንጣው ጀርባ ነው። ሰዓቱ የሚታይበትን መጨረሻውን ቆርጬ ጣልኩት።

ቀጥሎ ብርሃኑ። አባት የተቀረጹት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ጥላቸው ረጅም ነው። ልጁ የተቀረጸው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ጥላ እግር ስር ገብቶ ይደበቃል። ቀለሙን ማስማማት ይቻላል፣ የልጁን ትንሽ ሞቅ ማድረግ ነው። ጥላ ግን በቀለም አይረዝምም። ስለዚህ ከልጁ ሾቶች መሬት የሚታይባቸውን ሰፋፊዎቹን አስወጣሁና ከወገብ በላይ ያሉትን ያዝኩ። ይህ ለሌላ ነገርም ጠቀመኝ፤ አዲሱ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከላይ ሽቦ አለው። አሮጌው መስመር የለውም። ሰማይ የሚታይበት ሾት ሁሉ ቦታውን ያጋልጣል። ሐዲዱም እንደዚያው ነው፤ አሮጌው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ መስመር ነው፣ አዲሱ 1.435 ሜትር። መሬትም ሰማይም ተከለከልኩ። የቀረኝ ፊትና እጅ ነው።

ሐሙስ

ፍጥነቱን ሠራሁ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሾት 6 ሴኮንድ አካባቢ ይቆያል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2። ሾት እያጠረ ሲሄድ ተመልካች አንድ ነገር እየቀረበ እንደሆነ ይሰማዋል። አባት እየፈጠኑ አይደለም። እርምጃቸው ያው ነው፣ እንዲያውም አንድ ቦታ ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጥድፊያው ያለው ቁረጡ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። እኩል እኩል ሳሳጥር ሰዓት እንደሚቆጥር ማሽን ሆነ፤ ተመልካቹ ቀጣዩን ቁረጥ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የልጁን ከአባት ቀድሜ አሳጠርኩ። የልጁ 2 ሲደርስ የአባት ገና 4 ላይ ነው። አሁን የሚቸኩለው የልጁ ዓለም ነው። የአባት ዓለም አይቸኩልም። ሳናስበው ስለ ሰዎቹ ጠባይ አንድ ነገር ተናገርን።

ዓርብ

ዛሬ ለሰዎች አሳየሁ። ጥቂት የከዚራ ልጆች፣ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት፣ ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጡ ሁለት እንግዶች። ምንም ሳልናገር ከፍቼ ፊታቸውን ነው ያየሁት።

የዚህ ዓይነቱን ማታለል የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። “ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ” ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ፖሊሶች አንድ ቤት ከበው ደወል ይደወላል፣ ገዳዩ ውስጥ ሆኖ ደወሉን ይሰማል። እያፈራረቀ ስለሚያሳየን ያው ቤት ነው ብለን እናምናለን። በሩ ሲከፈት ግን የቆመችው ብቻዋን የመጣችው የኤፍቢአይ ሠልጣኝ ናት፤ ፖሊሶቹ የከበቡት ሌላ ባዶ ቤት ነው። እዚያ ላይ ማታለሉ የሚሠራው ሁለቱን ቤቶች ቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች ስለሌለ ነው።

እኛ ጋ ግን ችግር አለ። አሮጌው ጣቢያ ብቅ ሲል፣ የአጥሩ ጫፍ ብቻ ማለቴ ነው፣ ከከዚራ ልጆች አንዱ “ውይ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ባቡሩ እኮ ከዚያ አይነሳም!” አለ። ሌላው ቀጠለ፣ “አንድ ሰው ይንገራቸው እንጂ!” ለድሬ ሰው መደበቅ አይቻልም። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ በዚያ ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረች ናት። ከአዲስ አበባ የመጡት ደግሞ እስከ መጨረሻው ምንም አልጠረጠሩም፤ ባዶው ሐዲድ ሲታይ “እንዴ!” አሉ።

አንድ ቁረጥ፣ ሁለት ፊልም። የማያውቀው ተመልካች ድንጋጤ ያገኛል፣ ለአንድ ሴኮንድ። የሚያውቀው ጭንቀት ያገኛል፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል። እውነቱን ለመናገር የሚያውቁት የተሻለ ፊልም አዩ። እኔ ረቡዕ ዕለት ሰማይና መሬት ስደብቅ የዋልኩት ለእንግዶቹ ኖሯል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ሁሉም፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ በአንድ ነገር ተስማሙ። “ያሳዝናሉ፣ ተሳሳቱ” አሉ። ጎረቤቴ ጋሼ ብቻ ዝም ብለው ቆዩና “አልተሳሳቱም። ግን እንዳልተሳሳቱ በምን ልወቅ?” አሉኝ። ጥያቄው እሱ ነው።

ቅዳሜ

ቅደም ተከተሉን አየሁት። አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ ልጁ ፔሮኑ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ቁረጥ። አባት ሐዲዱ ዳር ቆመዋል። ቁረጥ። ሰፊ ሾት፤ ሣር የወረሰው ባዶ ሐዲድ። ልጁ የሚፈልገውን ሰው ስናይ ቦታው ልክ አይደለም። ስለዚህ ስህተቱ የአባት ይሆናል። የልጁ ዓይን ነው የፈረደባቸው።

ሾቶቹን ሳልለውጥ ቦታቸውን ለወጥኩ። አባት ይደርሳሉ። ጥበቃው ተነስቶ ሰላም ይላቸዋል፣ ሳይጠይቃቸው በርጩማ ያመጣላቸዋል። ይህ ሾት ድሮም ነበረ፣ ግን ከባዶው ሐዲድ በኋላ ስለነበር የሚያዝንላቸው ጥበቃ ይመስል ነበር። ከፊት ሲመጣ በርጩማው የለመዱት በርጩማ ሆነ። ይቀመጣሉ። ሐልዋውን ይፈታሉ። ከዚያ ነው ባዶው ሐዲድ የሚታየው። ልጁ ዙሪያውን የሚያይበት ሾት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ገባ። አሁን የማያውቀው ልጁ ነው፤ እኛና አባት እናውቃለን።

ይህም ሆኖ አንድ የጎደለ ነገር አለ። አባት ባቡሩ መቼ እንደሚነሳ ያውቃሉ ወይስ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት? ፉቴጁን ደግሜ ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። በአንደኛው ቀረጻ መጨረሻ ላይ፣ ዳይሬክተሯ “ከት” ልትል ስትል፣ ተዋናዩ ግራ እጃቸውን ገልብጠው አንጓቸውን ያያሉ። ሰዓት የለም። ምናልባት የምሳ ሰዓት አልፏል ብለው ይሆናል። ለኛ ግን ወርቅ ነው። ሁለት ሴኮንድ ከ5 ፍሬም ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ካሜራው ያያሉ።

ባዶውን አንጓ አድርጌ ቀጥሎ የልጁን አንጓ ከነሰዓቱ አስገባሁ። ያው ግራ እጅ፣ ያው የፍሬም ቦታ። የማክሰኞው ማች ከት ሠላሳ ዓመት ዘሎ ነበር፤ ይኸኛው የሚዘለው ሁለት ጣቢያ ነው። ሰዓቱን አውቀው ነው ያዩት ማለት ነው። ደቂቃዋን እየቆጠሩ ነው። ከዚያ ባቡሩ ይነሳል። ከዚያ አባት፣ ሳይቆረጥ፣ 14 ሴኮንድ። እስከዚህ ድረስ ሾቱ ሲያጥር ስለመጣ 14 ሴኮንድ በጣም ይረዝማል። ይርዘም።

ለጎረቤቴ ለጋሼ ብቻ አሳየኋቸው። “አሁን ገባኝ፤ ሰውዬው አዋቂ ነው” አሉ። የከዚራ ልጆችን ነገ እጠራለሁ።

ሰኞ

ልጆቹ አዩት። የአጥሩ ጫፍ ሲታይ ያው “ውይ” አለ። በርጩማው ሲመጣ ግን ዝም አሉ። “አንድ ሰው ይንገራቸው” ያለ የለም። ረቡዕ ያስወጣሁትን የአሮጌውን ጣቢያ ፊት ለፊት የሚያሳየውን ሰፊ ሾትም መለስኩት፤ በጊዜ ይታይ፣ የሚያውቅ በጊዜ ይጨነቅ። ለእንግዳ የሚቀረው ድንጋጤ ትንሽ ይቀንሳል። ቅር አይለኝም።

የቀረው የባቡሩ ጡሩምባ ነው። አሁን ልጁ ጋ ይጀምርና በአባት 14 ሴኮንድ ላይ በጣም ቀጭን ሆኖ ይቀጥላል። በእውነቱ ከአዲሱ ጣቢያ ከዚራ ድረስ እንዲያ አይሰማም። ዳይሬክተሯ “ውሸት ነው፣ ይውጣ” ትላለች። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ አንዱ ድምፅ በሁለቱም ላይ ካለፈ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ቅጽበት ይታሰራሉ፣ ጥላቸው ባይስማማም። የሰሙት የልጃቸውን ባቡር ይሁን የድሮውን፣ ለተመልካች እተወዋለሁ። ሁለቱንም አውጥቼ ለድምፅ ባለሙያው ላክሁ፤ ጡሩምባው በአንደኛው አለ፣ በሌላው የለም። ምስሉ ላይ ከእንግዲህ እጄን አላስገባም።